«ከማን ውስጥ?» የሚገለበጥ የዕድል ጥያቄ

የስታትስቲክስን ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ከሚያገኛቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ስለ ምርመራ የሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ረዥም አይደለም፤ ስሌቱም ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓመት በክፍላችን ፈተናው ተመልሶልን ስንነጋገር፣ በሌላው ሁሉ የተስማማነው ተማሪዎች በዚህ በአንዱ ላይ ሦስት ወገን ሆነን ተለያየን። ሦስቱም ወገኖች ስሌታቸውን በትክክል ሠርተው ነበር። ልዩነቱ የመጣው ከቁጥሮቹ ሳይሆን ጥያቄውን ከማንበብ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ባብራራው ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎችም፣ የምርመራ ውጤት በእጃቸው ለሚገባ ወላጆችም ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው። «በአንድ አገር ከ100 ሰዎች መካከል 1 ሰው በደሙ ውስጥ የኤች.አይ.ቪ ቫይረስ አለበት። አንድ ፈጣን የደም ምርመራ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ 99ኙን ፖዘቲቭ ናቸው ይላል። ቫይረሱ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 98ቱን ነጌቲቭ ናቸው ይላል፤ 2ቱን ግን ተሳስቶ ፖዘቲቭ ይላቸዋል። ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የወጣ አንድ ሰው ተመርምሮ ውጤቱ ፖዘቲቭ ቢሆን፣ ቫይረሱ በእርግጥ ያለበት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?»

99 እና 98 የሚሉት ቁጥሮች እንዲያው ለፈተና ተብለው የተፈጠሩ አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት አንድን የኤች.አይ.ቪ ፈጣን ምርመራ ለመቀበል ቢያንስ ይህን ያህል ትክክለኛነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ መጥፎ ምርመራ ሳይሆን ፈተናውን ስላለፈ ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ መልሶች እንምጣ። አንደኛው ወገን ከመቶ 99 አለ። ሁለተኛው ወገን 1 ከመቶን በ99 ከመቶ አባዝቶ ከመቶ 1 የማይሞላ፣ ማለት 0.99 ከመቶ አገኘ። ሦስተኛው ወገን ከመቶ 33 ብሎ መለሰ። ትክክለኛው ሦስተኛው ነው። የሚገርመው ግን የቀሩት ሁለት መልሶችም ስሕተት የሆኑት ለዚህ ጥያቄ ብቻ መሆናቸው ነው፤ እያንዳንዳቸው ለሌላ ጥያቄ ትክክለኛ መልሶች ናቸው። የትኛው መልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደ ሆነ መለየት የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ስለ ሆነ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

የአማርኛችን ቋንቋ በዚህ ነገር ይረዳናል። በአማርኛ ስለ ድርሻ ስንናገር አስቀድመን የምንጠራው የሚከፈለውን ወገን ነው። «ካለባቸው ሰዎች ውስጥ 99ኙ» ስንል «ከ» እና «ውስጥ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል የተቀመጠው ወገን አካፋያችን፣ ማለት ከሥር የሚጻፈው ቁጥር ነው። እንግዲህ በፈተናው የተሰጠን «ቫይረሱ ካለባቸው ውስጥ ስንቱ ፖዘቲቭ ይባላሉ» የሚለው ሲሆን፣ የተጠየቅነው ግን «ፖዘቲቭ ከተባሉት ውስጥ ስንቱ ቫይረሱ አለባቸው» የሚለው ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ቦታቸውን ብቻ ተለዋውጠዋል። በቦታቸው መለዋወጥ ግን አካፋዩ ሌላ ሆነ።

ነገሩ ከባድ የሚመስለው ካለ ሰማዩን ይመልከት። በአዲስ አበባ ከዘነበባቸው ቀናት ውስጥ ሰማዩ ደመና የነበረባቸው ስንት ናቸው ቢባል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል። ከደመኑት ቀናት ውስጥ የዘነበባቸው ስንት ናቸው ቢባል ግን ማንም ሁሉም ብሎ አይመልስም። ደምኖ ሳይዘንብ የዋለበትን ቀን ሁላችንም እናውቃለንና። ስለ ዝናብ ሲሆን ማንም የማይሳሳተውን ነገር፣ ስለ ደም ምርመራ ሲሆን የምንሳሳተው ከመቶ 99 የሚለው ቁጥር ትልቅ ስለ ሆነና ዓይን ስለሚይዝ ይመስለኛል።

ስለዚህ ከመቶ 99 ያለው ተማሪ የመለሰው የተሰጠውን ያንኑ ነው፤ ካለባቸው ውስጥ ስንቱ ፖዘቲቭ እንደሚባሉ ተናገረ። 0.99 ከመቶ ያለው ደግሞ ከሕዝቡ ሁሉ ውስጥ ቫይረሱም ያለበት፣ ፖዘቲቭም የተባለ ሰው ስንት እንደ ሆነ አገኘ። የዚህኛው አካፋይ ሕዝቡ በሙሉ ነው። የተፈለገው አካፋይ ግን ፖዘቲቭ የተባሉት ሰዎች ብቻ ናቸው። እነርሱንም ለማግኘት ሰዎችን መቁጠር ይበቃል።

10,000 ሰዎች ተሰልፈው ተመረመሩ እንበል። ከ100 አንዱ ቫይረሱ ስላለበት፣ ያለባቸው 100 ሰዎች ናቸው፤ የሌለባቸው 9,900 ናቸው። ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙ ፖዘቲቭ ተባሉ፤ 1 ሰው አመለጠ። ከሌለባቸው 9,900 ሰዎች ከመቶ 2 በስሕተት ፖዘቲቭ ተባሉ፤ ይኸውም 198 ሰዎች ይሆናሉ። እንግዲህ ፖዘቲቭ የሚል ወረቀት ይዘው የወጡት ሰዎች ሁሉ ሲደመሩ 99 እና 198፣ ማለት 297 ናቸው። ከእነዚህ ከ297ቱ ውስጥ ቫይረሱ በእርግጥ ያለባቸው 99ኙ ናቸው። 99 ለ297 ሲካፈል ልክ ሲሶ ይሆናል። ፖዘቲቭ ከተባሉ ሦስት ሰዎች ውስጥ ሁለቱ ቫይረሱ የለባቸውም ማለት ነው።

ይህ ውጤት ለብዙ ሰው የማይታመን ስለሚሆን ምክንያቱን ልናገር። ምርመራው በሌለባቸው ሰዎች ላይ የሚሳሳተው ጥቂት ነው፤ ከመቶ 2 ብቻ። ነገር ግን የሌለባቸው ሰዎች ካለባቸው ሰዎች 99 ጊዜ ይበዛሉ። ከብዙ ላይ የተነሣ ጥቂት፣ ከጥቂት ላይ ከተነሣ ብዙ ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምሳሌም እጥፍ ሆኖ በለጠው።

በዚያው ቁጥር ነጌቲቭ የተባሉትንም ብናይ መልካም ነው። ከሌለባቸው ውስጥ 9,702 ሰዎች፣ ካለባቸው ውስጥ ደግሞ ያ ያመለጠው 1 ሰው፣ ባንድነት 9,703 ሰዎች ነጌቲቭ ተባሉ። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ የተሳሳተው ውጤት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው ምርመራ «የለብህም» ሲል እጅግ የሚታመን ሆኖ፣ «አለብህ» ሲል ግን ገና ሌላ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ነው። አንድ ምርመራ ይታመናል ወይስ አይታመንም ብሎ ባንድ ቃል መጠየቅ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

መምህራችን ይህንኑ በቀመር ሲጽፉት፣ A ቫይረሱ ያለበት መሆኑ፣ B ውጤቱ ፖዘቲቭ መሆኑ ነው ብለው፦

P(A|B) = P(B|A) × P(A) ÷ P(B)

አሉን። ቆሞ የሚታየው መስመር «ሆኖ ሳለ» ተብሎ ይነበባል፤ P(A|B) ማለት B ሆኖ ሳለ የA ዕድል ማለት ነው። በላይ ያለው ብዜት 99ኙን ሰዎች፣ በታች ያለው P(B) ደግሞ 297ቱን ሰዎች ነው። በፈተና ላይ የሚጎዳው ይህ P(B) የሚባለው ነው፤ ምክንያቱም በጥያቄው ውስጥ አይሰጥም። ተማሪው ራሱ ከሁለት ቦታ፣ ካለባቸውና ከሌለባቸው፣ ሰብስቦ ሊደምረው ይገባል። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ብቻ ይጽፍና ሁለተኛውን ይረሳል፤ እንዲህ ሲሆን ከላይም ከታችም አንድ ቁጥር ስለሚቀመጥ መልሱ ከመቶ 100 ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ከመቶ 100 ያየ ሰው የተረሱት 9,900ዎቹ መሆናቸውን ወዲያው ማወቅ ይችላል።

ይህ ቀመር በቶማስ ቤይዝ ስም ይጠራል። ቤይዝ የእንግሊዝ አገር ሰባኪና የሒሳብ ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1761 ሞተ። ስለዚህ ነገር የጻፈውን ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ ለንባብ ያበቃው እርሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1763 ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር በፈተና ላይ ቀመሩን ከማስታወስ ይልቅ 10,000 ሰዎችን ማሰለፍ ይቀለኛል። ይህም የእኔ ብቻ አይደለም። ጌርድ ጊገረንዘርና ኡልሪክ ሆፍራገ የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ ያው ጥያቄ በመቶኛ ሲጻፍና በሰው ቁጥር ሲጻፍ፣ በሰው ቁጥር የተጻፈላቸው ሰዎች በብዙ የተሻለ እንደ መለሱ አሳይተዋል።

አንባቢ ይህ የተማሪዎች ስሕተት ብቻ እንዳይመስለው፣ አንድ የታወቀ ነገር ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት አካባቢ ለ60 ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። በሽታው ከ1,000 ሰዎች አንዱን የሚይዝ፣ ምርመራው ደግሞ ከጤነኞቹ ከመቶ 5ቱን በስሕተት ፖዘቲቭ የሚል ቢሆን፣ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው ተባሉ። ከ60ው ውስጥ 27ቱ ከመቶ 95 ነው አሉ። በእኛ ዘዴ ብንቆጥረው ከ1,000 ሰዎች የታመመው 1 ነው፤ እርሱን ምርመራው አያመልጠውም እንበል። በስሕተት ፖዘቲቭ የሚባሉት ጤነኞች ደግሞ 50 ያህል ናቸው። እንግዲህ ዕድሉ 1 ለ51፣ ማለት ከመቶ 2 ገደማ ነው። ይህን የመለሱት ከ60ው ውስጥ 11 ብቻ ነበሩ። ከመቶ 95 ያሉት ሐኪሞች ያደረጉት የታወቀ ነው፤ 5ን ከ100 ቀንሰው፣ አካፋዩን ሳይለውጡ መለሱ።

ከዚህ ሁሉ የምናየው፣ መልሱ በምርመራው ጥራት ብቻ ሳይሆን «ከ100 ሰዎች መካከል 1» በሚለው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚወሰን መሆኑን ነው። ከመቶ 99 የመለሰው ተማሪ ይህን ዐረፍተ ነገር ከቶ አልተጠቀመበትም። ስለዚህ አንድ ሰው መልሱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ ያን ቁጥር ብለውጠው መልሴ ይለወጣል ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የማይለወጥ ከሆነ የተጠየቀውን አልመለሰም።

በሕይወት ውስጥ ግን ይህን ቁጥር የሚሰጥ የፈተና ወረቀት የለም። አንዲት አክስቴ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራሉ። ይህን ጥያቄ ሳነብላቸው ቁጥሮቹን ሳይሰሙ፣ «ሰውዬው ለምንድን ነው የመጣው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በዕጣ ነው የወጣው ይላል» አልኋቸው።

«እኛ ዘንድ በዕጣ የሚመጣ የለም» አሉኝ። «አንዱ ለጋብቻ ይመጣል፤ አንዱ ሳምባው ታሞ ሐኪም ልኮት ይመጣል፤ አንዷ የባሏን ውጤት ሰምታ ትመጣለች። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሰዎቹ አንድ አይደሉም።»

አክስቴ የዕድል ሒሳብ ባይማሩም የተናገሩት ልክ ነው። ባሏ ቫይረሱ ያለባት ሴት «ከ100 አንድ» ከሚባለው ሕዝብ ውስጥ አትቆጠርም፤ የምትቆጠረው እንደ እርሷ ካሉት ውስጥ ነው። በእነዚያ ዘንድ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑ ያው ፖዘቲቭ የሚለው ወረቀት በእርሷ እጅ ሲሆን የበለጠ ይታመናል። ከዚህ የተነሣ የፈተና ጥያቄ «በዕጣ የወጣ» የሚለውን ቃል የሚጨምረው ለጌጥ አይደለም። ያ ቃል ባይኖር ኖሮ የሕዝቡን ቁጥር ለመጠቀም መብት አይኖረንም ነበር።

አሁን ወላጆች ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ከሦስቱ ሁለቱ በስሕተት የሚባሉ ከሆነ፣ ሰው ምርመራን እንዴት ያምናል? መልሱ፣ ባንድ ምርመራ ብቻ ማንም «አለብህ» አይባልም የሚል ነው። የመጀመሪያው ፖዘቲቭ ያለው ሰው በሌላ ዓይነት ምርመራ እንደ ገና ይመረመራል። ያ ምን እንደሚጠቅም በእኛው ሰልፍ እንየው።

ለሁለተኛው ምርመራ የሚቀርቡት 10,000ዎቹ ሳይሆኑ 297ቱ ናቸው። ይህም ምርመራ ጥራቱ ያው 99 እና 98 ነው እንበል። ቫይረሱ ካለባቸው 99 ሰዎች 98ቱ ገደማ አሁንም ፖዘቲቭ ይባላሉ። በስሕተት ከተባሉት 198 ሰዎች ግን ከመቶ 2፣ ማለት 4 ገደማ ብቻ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ፖዘቲቭ ከተባሉት 102 ሰዎች ውስጥ 98ቱ በእርግጥ ያለባቸው ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 96 ነው። ባንድ ተጨማሪ ምርመራ ከ33 ወደ 96 ዘለለ። የዘለለበትም ምክንያት ምርመራው ስለተሻለ አይደለም፤ የሚመረመሩት ሰዎች ስለተለወጡ ነው። በመጀመሪያው ሰልፍ ከ100 አንዱ ብቻ ነበረበት፤ በሁለተኛው ሰልፍ ከሦስት አንዱ አለበት።

ከመቶ 96 ግን ለእንዲህ ያለ ነገር አይበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት የሚፈልገው ፖዘቲቭ ከተባሉት ውስጥ ቢያንስ ከመቶ 99ኙ በእርግጥ ያለባቸው እንዲሆኑ ነው። በሦስተኛ ምርመራ ቢታለፍ ከአራቱ የተሳሳቱ ሰዎች አንድም የሚተርፍ አይመስልም፤ ዕድሉ ከመቶ 99 ተሻግሮ ከ1,000 999 ያህል ይደርሳል።

ቫይረሱ ያለባቸው ከ100 ሰዎች 5 በሆኑበት አገርስ? ከ10,000 ሰዎች 500ው ያለባቸው፣ 9,500ው የሌለባቸው ይሆናሉ። በመጀመሪያው ምርመራ 495ቱና በስሕተት ደግሞ 190ው ፖዘቲቭ ይባላሉ። በሁለተኛው 490ና 4 ገደማ ይቀራሉ። 490 ለ494 ሲካፈል ከመቶ 99 ይበልጣል። ስለዚህ በዚያ አገር ሁለት ምርመራ ይበቃል፤ ከ100 አንድ በሆነበት አገር ግን አይበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት ከመቶ 5 የሚለውን ወሰን አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ሁለት፣ ከዚያ በታች ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ ውጤት ይጠይቅ የነበረው ከዚህ ስሌት ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አገሮች ሁሉ ወደ ሦስቱ እንዲሸጋገሩ መከረ። ሕክምናው ተስፋፍቶ፣ ቫይረሱ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ራሳቸውን አስቀድመው አውቀው ከሰልፉ ከወጡ በኋላ፣ ለመመርመር ከሚመጡት ውስጥ ያልታወቀ ቫይረስ ያለባቸው እያነሱ ሄዱ። የበሽታው መቀነስ የምርመራውን ሥራ የሚያከብደው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ስሌቱ ያሳስታል። ሁለተኛውን ምርመራ ስናሰላ፣ የመጀመሪያው የተሳሳተበት ሰው በሁለተኛውም የሚሳሳትበት ዕድል ከሌላው ሰው እንደማይበልጥ አድርገን ቈጥረናል። በፈተና ላይ «ምርመራዎቹ አንዱ ከሌላው የማይያያዙ ናቸው» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚጨመረው ለዚህ ነው። በእውነተኛው ደም ላይ ግን እንዲህ ላይሆን ይችላል። በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ምርመራውን የሚያሳስት ሌላ ነገር ካለ፣ ያንኑ ምርመራ አሥር ጊዜ ቢደግሙት አሥር ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይሰጣል፤ የአሥሩም ውጤት ከአንዱ አይበልጥም። ስለዚህ ሁለተኛው ምርመራ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ሳይሆን በሥራው የተለየ ዓይነት እንዲሆን ይደረጋል። «ያንኑ ቢደግሙት ምን ችግር አለው?» ብዬ አክስቴን ብጠይቃቸው፣ «አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ ብትጠራው ሁለት ምስክር ይሆናል እንዴ?» ብለው መለሱልኝ።

እጁን ለማፍታታት ለሚፈልግ አንድ ጥያቄ ልተው። ያው 99 እና 98 የተባለው ምርመራ፣ ከ100 ሰዎች 20ው ቫይረሱ ባለባቸው ሰዎች መካከል ቢደረግና አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተመርምሮ ፖዘቲቭ ቢባል፣ በእርግጥ ያለበት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? 10,000 ሰዎችን አሰልፎ የቈጠረ 1,980 ለ2,140፣ ማለት ከመቶ 92 ተኩል ያህል ማግኘት አለበት።